ፓይተን 90 በመቶ? ከምን ላይ?

«ሰላም ወንድሜ፣ አዘዞ ነው ያለሁት። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሼ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ሲቪዬ ላይ 17 ክህሎት ደርድሬ ለእያንዳንዱ የመቶኛ ባር ሠርቻለሁ፤ ፓይተን 90፣ ጃቫስክሪፕት 85፣ ሲ ፕላስ ፕላስ 75 እያለ ይሄዳል። የሠራሁት ትልቁ ነገር የአክስቴ ፔንሲዮን የክፍል ማስያዣ ዌብሳይት ነው፣ በጃንጎ። ጓደኛዬ ባሮቹን አጥፊ አለችኝ። ባዶ አይመስልም?»

አጥፊው። 90 በመቶ ስትዪ መቶው ማን ነው? ፓይተንን የፈጠረው ሰውዬ? የክፍልሽ ልጅ? ቁጥሩ መለኪያ ስለሌለው ለቀጣሪው የሚነግረው ነገር የለም፤ የሚሰጠው ነገር ቢኖር አንቺን የሚያፋጥጥበት ሰበብ ነው።

እኔም እዚሁ ጎንደር ተምሬ ስወጣ ሲ ፕላስ ፕላስ 80 ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ሴሚስተር ነው የተማርኩት፣ ያውም ኤ አግኝቼበት። ኢንተርቪው ላይ ሰውዬው ረጋ ብሎ «ፖይንተርና ሪፈረንስ በምን ይለያያሉ?» አለኝ። ተንተባተብኩ። የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ደህና አድርጌ የማውቀውን ፓይተን ስመልስለት እንኳ በጥርጣሬ ነበር የሚያየኝ።

አሁን 17ቱን አንድ በአንድ ያዢና «በዚህ ምን ሠራሁ?» በይ። ጃንጎ መልስ አለው፣ የአክስትሽ ፔንሲዮን። ዳታቤዙም ከዚያው ይመጣል። ሪአክትን ቪዲዮ እያየሽ ብቻ ከነካሽው ግን ከጃንጎ ጎን አይቀመጥም፣ ታች ይወርዳል። ኮርስ ወስደሽ የተውሽውም እንደዚያው። ወርድና ኤክሴል፣ ኮድ የምትጽፊበት ኤዲተር፣ «ፈጣን ተማሪ» የሚሉት ይውጡ፤ የዴቨሎፐር ሲቪ ላይ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የላቸውም።

የተረፈውን በዓይነቱ ሰብስቢው። ፓይተን ቋንቋ ነው፣ ጃንጎ ፍሬምወርክ፣ ጊት መሣሪያ፤ አንድ ላይ ሲደባለቁ ልዩነቱን የማታውቂ ያስመስላል። በየመስመሩ በደንብ የምታውቂው ይቅደም፣ ደረጃውን ቅደም ተከተሉ ይናገርልሻል። እንግዲህ እንዲህ ይመጣል፦

```
Languages: Python, SQL, JavaScript
Frameworks: Django
Databases: PostgreSQL
Tools: Git, Linux
Basic: React, C++
```

የመጨረሻው መስመር «አይቼዋለሁ፣ ግን ብቻዬን አልሠራሁበትም» ማለት ነው። ከሁለት ሦስት አይብለጥ፤ አለበለዚያ የድሮው ዝርዝር በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። ስሞቹንም እንደሚጻፉት ጻፊ፣ `JavaScript` ላይ ኤሷ ትልቅ ናት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን በየቀኑ የሚሠራባት ሰው ዓይኑ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው።

ባዶ ይመስላል ላልሽው፣ ክፍተቱን የሚሞላው ፕሮጀክትሽ ነው። ክህሎቶቹ ሥር ስለ ፔንሲዮኑ ሁለት መስመር ጻፊ፦ እንግዳ ክፍል እንዴት እንደሚይዝ፣ አንድ ክፍል በአንድ ቀን ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ ምን እንዳደረግሽ። ይቺ ሁለተኛዋ ከባሮቹ ሁሉ ትበልጣለች፣ ምናልባትም ኢንተርቪው ላይ የምትጠየቂው እሷኑ ነው።

ከመላክሽ በፊት ደግሞ ፒዲኤፉን ክፈቺና ጽሑፉን በሙሉ ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሲቪ መጀመሪያ የሚያነበው ሶፍትዌር ነው፣ እሱ ደግሞ በሥዕል የተሠራ ባር አያነብም። ኖትፓዱ ላይ ያልታየ ወይም የተዘበራረቀ ካለ አስተካክለሽ ላኪው።