ሽምግልናው ላይ ሳለህ ይርጋው እየቆጠረ ነው

«ከሥራ ካሰናበቱኝ 2 ወር ከ10 ቀን ሆነኝ። ኤችአሩ በሽምግልና እንጨርሰው እያለ ያመላልሰኛል። ጊዜ ያልፍብኛል እንዴ? መጀመሪያስ ወዴት ነው የሚኬደው?»

ወንድሜ አዎ ያልፍብሃል፣ ያውም ቅርብ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ወደ ሥራ ልመለስ ብለህ የምትጠይቅ ከሆነ ያለህ የመክሰሻ ጊዜ፣ ይርጋ የሚሉት፣ ከተሰናበትክ 3 ወር ብቻ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ኦቨርታይም ምናምን 6 ወር ነው፣ በስንብቱ ምክንያት የሚከፈሉህም እንደዛው 6 ወር። ለብቻው ጊዜ ያልተቀመጠለት ሌላ ጥያቄ 1 ዓመት። ስለዚህ 3 ወሩ ቢያልፍህም ገንዘቡን መጠየቅ ትችላለህ፣ ቦታህን ግን አታገኛትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽምግልና ላይ ነኝ ብሎ ሲያስብ ነው። ኤችአር ቢሮ ሻይ እየጠጣችሁ የምታወሩት ይርጋ አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ክርክሩን ለሚወስነው አካል ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ስታስገባ ነው፣ ወይ ደግሞ አሠሪው ራሱ መብትህን በግልጽ ሲያምንልህ፣ ማመኑን ደግሞ በጽሁፍ ካልያዝከው በምን ታስረዳለህ። «እናየዋለን ታገስ» ማመን አይደለም።

የኔን ልንገርህ። የስንብት ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ጥቅምት 3 ነው፣ በእጄ የደረሰው ግን ጥቅምት 8፣ እኔም ስፈርም ከስሜ ጎን የተቀበልኩበትን ቀን ጻፍኩበት። ከዛ ልክ እንዳንተ ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ሲወጣ፣ ከመስክ ሲመለስ እያሉኝ ሁለት ወር ሄደ። አንድ የድሮ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ሰውዬ «አንተ ልጅ ጥር ሲገባ ታለቅሳለህ» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ታኅሣሥ 25 አቤቱታዬን በሁለት ኮፒ ጽፌ ሠራተኛና አሠሪን የሚያየው ቢሮ ገባሁ፣ አንዱን እነሱ ወሰዱ፣ በኔ ኮፒ ላይ መዝገብ ቤቷ ቁጥርና ቀን ጽፋ ማህተም አደረገችበት። ያቺን ወረቀት በፕላስቲክ አድርጌ ነው የያዝኳት፣ በኋላ ያዳነችኝ እሷ ናት።

ቢሮው ሁለቴ መጥሪያ ላከ። መጀመሪያ አልመጡም፣ በሁለተኛው አንድ የሰው ኃይል ሠራተኛ መጥቶ «ውሳኔው የማይቀየር ነው» ብሎ ሄደ። ቢሮው የግል ጉዳይን ለማስማማት ይሞክራል እንጂ አስገድዶ አያስከፍልህም፣ ይሄን ካልተረዳህ ወራትህን እዛ ታባክናለህ። እኔ አልተስማሙም የሚል ደብዳቤ በጽሁፍ ስጡኝ ብዬ ጥር 22 ወሰድኩና ጥር 25 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ከሰስኩ። የዳኝነት ክፍያ የለውም።

መልሳቸው ሲመጣ የመጀመሪያው መቃወሚያ ምን ይላል፣ «ክሱ በ3 ወር ይርጋ ይታገዳል»። በእርግጥ ጥር 25 ብቻውን ቢቆጠር አልፎብኝ ነበር። ማህተሟን ሳሳይ ዳኛዋ ታኅሣሥ 25 አቤቱታ ስላቀረበ ይርጋው ተቋርጧል ብላ መቃወሚያውን ጣለችው። ኦቨርታይሙ ላይ ግን ተቆረጠብኝ፣ የዘጠኝ ወር ነበር የጠየቅኩት፣ እያንዳንዱ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ለብቻው 6 ወሩ ስለሚቆጠር የቆየው ክፍል ወደቀ። ኦቨርታይም የሚያጠራቅም ሰው ይሄን አያውቅም።

አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ይወስን ይላል፣ በተግባር የቀጠሮው ብዛት ይወስነዋል። ካልተስማማህ ይግባኝ በ30 ቀን ነው፣ እሱም አይጠብቅህም።

ቦርድ የሚባለው ደግሞ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ያ ላንተ አይደለም። የወል ጉዳይ ሲሆን፣ ለምሳሌ የኅብረት ስምምነት ላይ ማኅበሩና ድርጅቱ ሲጋጩ፣ አስማሚ ይመደባል፣ በ30 ቀን ካላስማማ ሪፖርት ያደርግና ከወገኖቹ አንዱ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይወስደዋል። የአንድ ሰው ስንብት በቀጥታ ፍርድ ቤት ነው። አስቀድሞ ቢሮ መሄድም ግዴታ አይደለም፣ ቀኑ ጠቦብህ ከሆነ ዝለለውና ክሰስ።

የታመመ፣ ወይ ለብሔራዊ አገልግሎት የተጠራ ሰው ካለ ከአቅም በላይ ምክንያት ተብሎ ሊታይለት ይችላል፣ ግን ምክንያቱ ካበቃ በ10 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። «ኤችአር አመላለሰኝ» እዚህ ውስጥ የለም።

ላንተ 20 ቀን ገደማ ቀርቶሃል፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀንና የደረሰህ ቀን ከተለያዩ ቀደም ባለው ቁጠር፣ ጥንቃቄ ነው። ነገ ጠዋት ደብዳቤውን፣ የሥራ ውሉንና የደመወዝ ፔሮሉን ይዘህ ፍርድ ቤት ሂድ፣ ኤችአሩ ከደወለ «እሺ ሽምግልናው ይቀጥል» በለው፣ ክሱ ገብቶ መታረቅ አይከለከልም።