የሞር ክብ ላይ ምልክቱና አንግሉ የሚስትበት ቦታ፦ ጥያቄና መልስ

የሞር ክብ በአንድ ነጥብ ላይ ያለው ስትረስ ገጹ ሲዞር እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ አግድሙ ኖርማል ስትረስን σ፣ ቁሙ ሺርን τ ይለካል። ጥያቄዎቹ በአንድ ምሳሌ፣ ከዕቃው በተወሰደ አንድ ትንሽ ካሬ ቁራጭ ላይ ቢያርፉ ይቀላል። σx = 80፣ σy = −40፣ τxy = 25 ሜጋፓስካል እንበል፤ ቴንሽን ፖዘቲቭ ነው፣ τxy ፖዘቲቭ ሲሆን በቀኝ ገጽ ላይ ያለው የሺር ቀስት ወደ ላይ ያመለክታል።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ፦ መጠኑ ሁሌ ልክ ይመጣልኛል፣ አቅጣጫው ግን ይገለበጥብኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ፖዘቲቭ ሺርን ወደ ላይ እየሳልክ ይመስለኛል። ክቡ ላይ የምትዞርበትና ቁራጩ ላይ የምትዞርበት አቅጣጫ አንድ እንዲሆን ከፈለግህ ፖዘቲቭ τxyን ወደ ታች አውርደው። የ x ገጽ ነጥብ 80 ላይ፣ ከአግድሙ መስመር 25 ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የ y ገጽ ነጥብ −40 ላይ፣ 25 ከፍ ብሎ። ሁለቱን ስታገናኛቸው መስመሩ አግድሙን 20 ላይ ይቆርጣል፤ የክቡ መሃል እሱ ነው። ከመሃሉ እስከ x ነጥብ በአግድም 60፣ በቁም 25 ስለሆነ ሬዲየሱ 65 ይወጣል። ስለዚህ ፕሪንሲፓል ስትረሶቹ፣ ማለትም ትልቁና ትንሹ ኖርማል ስትረስ፣ 85 እና −45፣ ትልቁ ሺር 65 ነው።

የ x ነጥብ ከአግድሙ 22.6 ዲግሪ ዝቅ ብሏል። ወደ 85 ለመድረስ ክቡ ላይ ከሰዓት ተቃራኒ 22.6 ትዞራለህ፤ ቁራጩ ላይ ግማሹን፣ 11.3 ዲግሪ፣ በዚያው አቅጣጫ። ማረጋገጫው ቁራጩ ራሱ ነው፦ ይህ ሺር ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ የሚሄደውን ሰያፍ መስመር ይለጥጠዋል፤ ስለዚህ ትልቁ ቴንሽን ከ x ተነስቶ ወደዚያ ሰያፍ ማዘንበል አለበት። ወደ ታች ቀኝ ካዘነበለብህ ምልክት ስተሃል።

ብየዳ የሚፈትሽ፦ የብየዳው መስመር ከ x ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል። ክቡ ላይ 60 ዞሬ 71.65 አገኘሁ፣ የመልስ ወረቀቱ ግን −31.65 ይላል። ድምራቸውን ሳይ 40 ነው፣ ያው 80 − 40። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

ወረቀቱ ልክ ነው። 30 ዲግሪው የመስመሩ እንጂ ለመስመሩ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ኖርማል አንግል አይደለም፤ ክቡ ደግሞ የሚጠይቅህ የኖርማሉን ነው። እሱ ከ x 120 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ክቡ ላይ 240 ትዞራለህ። ያገኘኸው 71.65 ብየዳውን በቀጥታ በሚያቋርጠው ገጽ ላይ ያለ ስትረስ ነው። ሁለቱ ነጥቦች የአንድ ዲያሜትር ጫፎች ስለሆኑ ድምራቸው 40 ይሆናል፣ የሺራቸውም መጠን እኩል 39.5 ነው። ስለዚህ በድምሩ መፈተሽ ይህን ስህተት አይይዘውም። ኮምፕረሽን ውስጥ ያለውን ብየዳ ቴንሽን ውስጥ ነው ብለህ ታልፋለህ ማለት ነው።

ሌላ ተማሪ፦ ፕሪንሲፓል ገጽ ላይ ሺር ዜሮ ነው፣ ትልቁ ሺር ያለበት ገጽ ላይ ደግሞ ኖርማሉ ዜሮ። ልክ ነኝ?

የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ሁለተኛው አይደለም። እዚያ ገጽ ላይ ኖርማል ስትረሱ የመሃሉ ዋጋ ነው፣ በምሳሌያችን 20። ዜሮ የሚሆነው መሃሉ ዜሮ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው፣ ለምሳሌ በጥምዘዛ ብቻ የተጫነ ዘንግ ላይ።

ታንከር የሚሠራ፦ ግፊት የያዘ ቀጭን ሲሊንደር ላይ ዙሪያው 90፣ በርዝመቱ 45 ነው። ሺሩ 22.5 ሆነልኝ፤ ለዲዛይን ይበቃል?

አይበቃም። ሦስተኛውን ፕሪንሲፓል ረስተኸዋል፦ በግድግዳው ውፍረት አቅጣጫ ያለው ዜሮ አካባቢ ነው። 90ን ከዜሮ ጋር የሚያገናኘው ክብ ሬዲየሱ 45 ነው፣ ካሰብከው እጥፍ። ሁለቱ ፕሪንሲፓሎች ተመሳሳይ ምልክት ካላቸው የገጹ ክብ ሁልጊዜ ሺሩን አሳንሶ ያሳይሃል። በምሳሌያችን አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጋቲቭ ስለሆነ ይህ ችግር አልመጣም።

የአፈር ላብራቶሪ፦ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው። እኛ ዘንድ ኮምፕረሽን ፖዘቲቭ ነው፤ ደግሞ በፖል፣ ማለትም ክቡ ላይ ካለች አንድ ነጥብ ከገጹ ጋር ትይዩ መስመር በመሳል፣ ብትሠሩ ኖሮ የ60ና የ240 ጣጣ ሁሉ ባልመጣ።

ፖል ለብየዳው ጠያቂ በእርግጥ ይቀልለዋል። ከ x ነጥብ ተነስተህ ከ x ገጽ ጋር ትይዩ መስመር፣ ማለትም ቁም መስመር ስትስል፣ ክቡን 80 ላይ፣ 25 ከፍ ብሎ ይነካዋል፤ ፖሉ እሱ ነው። ከፖሉ በ30 ዲግሪ መስመር ብታወርድ ክቡን በቀጥታ −31.65 ላይ ይቆርጠዋል፣ እጥፍ አንግል የለም፣ ኖርማል ፍለጋም የለም።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ፦ እንግዲያው ለምን በፖል አይጀመርም?

አንዳንዶች በእሱ ያስጀምራሉ፤ እኔ እጥፍ አንግሉ ይቅደም ባይ ነኝ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። ፖልም ቢሆን ከምልክት አያድንም፦ ፖዘቲቭ τxyን ወደ ላይ ስለህ ያንኑ 30 ዲግሪ ብታወርድ 11.65 ይሰጥሃል፣ ይህ ደግሞ የብየዳውም የተሻጋሪውም ገጽ ስትረስ አይደለም።