አባታችሁን ይዛችሁ ሆስፒታል ለምትመላለሱ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው አባታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ባሕር ዳር ለሕክምና ለምትመጡት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከሕመምተኛ የተወሰደውን ናሙና ተቀብዬ፣ አዘጋጅቼና ቀለም ነክሬ ለሐኪሙ ማይክሮስኮፕ አደርስ ነበር። የባዮፕሲን፣ ከሰውነት ተቆርጦ የሚመረመረውን ሥጋ፣ ውጤት ስለ መጠበቅ ማንም በደንብ የሚነግራችሁ ስለሌለ፣ አንድ የዘጌ ሰው የገጠማቸውን ይዤ ላስረዳችሁ።

ሰውየው ቡና አምራች ናቸው፣ ስድሳን ያለፉ። አንገታቸው ላይ ንፍፊት ወጣባቸው። መጀመሪያ ጠበል ሞከሩ፣ ቀጥሎም የባህል መድኃኒት ቀቡበት። አልጠፋም። ባሕር ዳር ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸው በጀልባ አስመጣቸው። በቀጭን መርፌ የተወሰደው ናሙና በቂ ስላልሆነ፣ ሐኪሙ በማደንዘዣ አንዱን እጢ ሙሉውን አወጣው። ከዚያ እጢውን በጠርሙስ አድርገው ለልጁ ሰጡትና «ፓቶሎጂ አድርስ» አሉት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በእኛ አገር ናሙናውን ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው አስታማሚ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን ስትቀበሉ እዩት። ውስጡ ያለው ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ መሆኑን ጠይቁ። ፈሳሹ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ደንቡ ቢያንስ የሥጋውን አሥር እጥፍ ነው። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ስለሆነ፣ ካነሰ መሃሉ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ናሙና ደግሞ ማንም ሐኪም አያነበውም፤ አባታችሁ እንደገና ቢላ ሥር ይገባሉ። ስሙ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ከሌላ ክዳን ጋር ይቀያየራል። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡት፣ ፎርማሊን ውስጥ እስካለ ድረስ አያስፈልገውም። ቤተሰብ በደግነት በረዶ ቤት ያሳደረውን ናሙና ተቀብዬ አውቃለሁ፤ በረዶው ሥጋውን ከውስጥ ይበጣጥሰዋል።

የልጁ ጠርሙስ ደህና ነበር። ወረቀቱ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። «የአንገት እብጠት» ይላል፣ አለቀ። ከመስኮቱ ሳልነሳ ጠየቅሁት። ስንት ጊዜ ሆነው? ሦስት ወር። ሌሊት ያልባቸዋል? አንሶላው እስኪርስ። ከስተዋል? ሱሪያቸው አልይዝ ብሏቸዋል። ቤት ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው ነበር? ዝም አለና «አጎቴ፣ አምና» አለኝ። ይቺን መስመር ጻፍኳት። ማይክሮስኮፑ ላይ የሚቀመጠው ሐኪም ሕመምተኛውን አያየውም። የሚያየው መስታወቱንና ወረቀቱን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህ ታሪክ ካልሰፈረ፣ ምን ተጨማሪ ምርመራ ማዘዝ እንዳለበት የሚጠቁመው ያጣል። ሐኪሙ ሲጽፍ «ይህንንም ያስገቡልን» ማለት ነውር የለውም።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። አባትየው ቀጠሮው ገና ቢሆንም በየማለዳው ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጣታቸው ይቆማል። በሩ ሲዘጋ ይቀጥላል። ከእሳቸው ኋላ የመጣ ደም ሰጥቶ ከምሳ በፊት ውጤቱን ይዞ ይሄዳል። እሳቸው ይህን ሁሉ ያያሉ። አንድ ቀን ስወጣ ያዙኝ። «ልጄ፣ የዘገየው ከፍቶ ነው አይደል? እየተደባበቃችሁብኝ ነው።»

አይደለም ማለት ብቻ አልበቃቸውም ነበር። ናሙናዋ የት እንደደረሰች ነገርኳቸው። እናንተም እወቁት፤ ብዙ ጭንቀት ያቀላል። ሥጋው ቢያንስ አንድ ሌሊት ፎርማሊን ውስጥ ያድራል። ከዚያ በስሱ ተቆርጦ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይገባል። በማሽን ውስጥ ደግሞ ሌላ ሌሊት ያድራል፤ ውሃው በአልኮል ይወጣለታል፣ በቦታው የቀለጠ ሰም ይገባል። ሰሙ ሲደርቅ በስለት ይላጣል። ልጡ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ አራቱን ያህል ነው የሚወፍረው። ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ በመስታወት ይነሳል፣ ከዚያ ቀለም ይነከራል። ሁሉ ነገር ቢሰምር እንኳ ይህ ቀናት ይፈጃል። ማሽን ከተበላሸ፣ ኬሚካል ካለቀ፣ ወይም አንባቢው ሐኪም አንድ ሆኖ ናሙናው ከተከመረ ሳምንታት ይሆናል። አጥንት ያለበት ናሙና ለብቻው ጊዜ ይወስዳል። ሐኪሙ ተጨማሪ ቀለም ካዘዘም ይቆያል። የመዘግየቱ ብዛት ስለ በሽታው ምንም አይናገርም።

አንድ ያለቀ መስታወት አምጥቼ አሳየኋቸው፤ ለማስተማሪያ የተቀመጠ፣ የእሳቸው ያልሆነ። ወደ መስኮቱ አዞሩት። ወይን ጠጅና ሮዝ ነጠብጣብ። «ይቺን ናት የሚያነቡት?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስንገናኝ «ደረሰልኝ?» አይሉም። «ሰም ውስጥ ገባች?» ነው የሚሉኝ።

ልጁ በበኩሉ ለብቻዬ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ካንሰር ከሆነ ለእኔ ብቻ ይነገረኝ።» ይህን ከብዙ ልጆች ሰምቻለሁ፣ ከፍቅር እንደሚመጣም አውቃለሁ። ግን አልስማማበትም። ውጤቱን የሚያስረዳው ያዘዘው ሐኪም ነው፤ ባለቤቱም ታማሚው ነው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ውጤቱ ሳይመጣ በፊት አባታችሁን መጠየቅ ነው። ሁሉን ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ሐኪሙ ለእናንተ ነግሮ እናንተ እንድታሳውቋቸው? ይህ ልጅ ጠየቀ። መልሳቸውን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «የቡና ለቀማ እየደረሰ ነው። ሰው የምይዝለት ከሆነ በጊዜ ልወቀው» ነበር ያሉት።

ውጤቱ የእጢ ቲቢ ሆነ። ሐኪሙ ያቺን የአጎት መስመር አይቶ ለቲቢ ጀርም ልዩ ቀለም አዝዞ ነበር። ጀርሙ አልታየም። ይህ እንዳያሳስታችሁ፤ እጢ ውስጥ ጀርሙ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም። የሥጋው መልክ ከሕመሙ ታሪክ ጋር ተደምሮ ነው ሐኪሙን ያሳመነው። እዚያው ኮሪደር ላይ በዚያው ሳምንት ሌላውን ዜና የሰሙም ነበሩ። የእጢ ካንሰር ሲጠረጠር ዓይነቱን ለመለየት ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ሊላክም ይችላል። ያኔ ሐኪሙን «ሰሙና መስታወቱ የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ላቦራቶሪው ስለሚያስቀምጠው፣ ሌላ ሐኪም ቢያስፈልግ ተውሶ ማየት ይቻላል። ዳግም መቆረጥ ላያስፈልግ ይችላል።

ልጁ የመጨረሻ ጥያቄው «ዕቃቸውን እንለይ?» ነበር። የደረት ራጅ ተነሱ፣ ሳንባቸው ንጹሕ ነው። እጢ ላይ ብቻ ያለ ቲቢ በትንፋሽ ስለማይተላለፍ ምንም መለየት አላስፈለገም። መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። ሽንታቸው ብርቱካናማ ሲሆን የመድኃኒቱ ቀለም ስለሆነ አትደንግጡ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ግን ያን ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። በሁለተኛው ወር ገደማ እጢው እንደገና ሊያብጥ፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ የሚያቆመው ያኔ ነው። ሳታቋርጡ ሄዳችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።