«የተጣራ ኃይል» እና «ጠቅላላ ኃይል» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ መልመጃው «ተዳፋት ላይ ቁልቁል በሚንሸራተተው ብሎክ ላይ ያረፈውን የተጣራ ኃይል ፈልጉ» ይላል። ፍሪ ቦዲ ዳያግራሙ ላይ አምስት ቀስቶች አሉ፤ 50፣ 25፣ 43.3፣ 43.3 እና 8.7 ኒውተን። ሁሉንም ብደምርም መልሱ አልመጣልኝም። «የተጣራ» ማለት «ጠቅላላ» ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። «ጠቅላላ» ያለውን ሁሉ ይሰበስባል። «የተጣራ» ግን የሚቃረኑት ተቀናንሰው የሚተርፈውን ነው የሚናገረው። የተጣራ ደመወዝ ስንልም ተቀናሹ ወጥቶ እጃችን የሚገባውን ማለታችን ነው። ልዩነቱ ኃይል አቅጣጫ ያለው መሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ አቅጣጫውን ሳያዩ ቁጥሮቹን መደመርም መቀነስም አይቻልም።

ከዚያ በፊት ግን «ብሎኩ ላይ ያረፈው» የሚለውን ልብ ይበሉ። ለእኔ የጥያቄው ቁልፍ ይህ ነው። «ያረፈው» ካልን ከውጭ ሆኖ ያሳረፈው አካል መኖር አለበት። እያንዳንዱን ቀስት «አንተን ብሎኩ ላይ ያሳረፈህ ማነው?» ብለው ይጠይቁት። 50ው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያመለክታል፤ ያሳረፈችው ምድር ናት፣ የብሎኩ ክብደት ነው። ከተዳፋቱ ወለል በቀጤ ነክ የሚወጣውን 43.3 ያሳረፈው ወለሉ ነው። 8.7ም የወለሉ ነው፤ ተዳፋቱን ይዞ ሽቅብ የሚይዘው የሰበቃ ኃይል።

25 እና ሌላኛው 43.3 ቀሩ። እነዚህን ማን አሳረፋቸው? አዲስ ባለቤት የላቸውም። ምድር ያሳረፈችው ያው 50 ለሁለት ተከፍሎ ነው። አንዱ ክፋይ በተዳፋቱ ቁልቁል ይሄዳል፣ ሌላው ወለሉን ይጫናል። ብዙ ጊዜ በተቆራረጠ መስመር የሚሳሉትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ወይ 50ውን ይያዙ፣ ወይ ሁለቱን ክፋዮች። ሦስቱንም ከደመሩ ክብደቱን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት ማለት ነው። የእርስዎ ስሌት የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ክፋዮቹን መያዝ ይቀላል። ቁጥሮቹ የሚያሳዩት የ30 ዲግሪ ተዳፋት ነው፤ 50 × sin 30° = 25፣ 50 × cos 30° = 43.3። ሳይኑ ለየትኛው፣ ኮሳይኑ ለየትኛው እንደሆነ ከተምታታብዎ ተዳፋቱ ጠፍጣፋ ሆነ ብለው ያስቡ። ያኔ ቁልቁል የሚጎትት ነገር አይኖርም። ዜሮ ዲግሪ ላይ ዜሮ የሚሆነው ደግሞ ሳይን ነው።

አሁን ማጣራት ነው። ወለሉን የሚጫነው 43.3 እና ወለሉ መልሶ የሚገፋው 43.3 ይጠፋፋሉ፤ ብሎኩ ወለሉ ውስጥ አይሰምጥም፣ ከወለሉም አይነሳም። ተዳፋቱን ይዘው የሚቀሩት ሁለት ናቸው፦ 25 − 8.7 = 16.3 ኒውተን፣ ቁልቁል።

ብዙ ሰው የሚስትበት ሌላም ቦታ አለ። የወለሉን ግፊት ከክብደቱ እኩል፣ 50 ያደርገዋል። የእርስዎ 8.7 የመጣው የሰበቃ ኮፊሸንቱ 0.2 ስለሆነ ነው፤ 0.2 × 43.3 ማለት ነው። በ50 ቢባዛ ሰበቃው 10፣ የተጣራው 15 ይሆን ነበር። ወለሉ የሚገፋው የተጫነውን ያህል ብቻ ነው።

«ቁልቁል በሚንሸራተተው» የሚለው ሐረግም ከሚለው በላይ እንዲናገር አያድርጉት። የሚነግረን ብሎኩ ወዴት እየሄደ እንዳለ ነው። ሰበቃ እንቅስቃሴን ስለሚቃወም ቀስቱ ሽቅብ መሆን እንዳለበት ከዚህ እናውቃለን። የተጣራው ኃይል ቁልቁል ነው አላለንም ግን። ወለሉ ሻካራ ሆኖ ኮፊሸንቱ 0.7 ቢሆንስ? ሰበቃው 30.3 ኒውተን ይደርሳል፣ 25ቱን በ5.3 ይበልጣል። ብሎኩ ቁልቁል እየሄደ የተጣራው ኃይል ሽቅብ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብሎኩ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል። ከቆመ በኋላ ግን ኮፊሸንቱን ማባዛቱ አይሠራም። ሰበቃው ወደ 25 ይወርድና የተጣራው ዜሮ ይሆናል።

መልሱን ሲጽፉ «16.3» ብቻ ብለው አያቁሙ። «16.3 ኒውተን፣ ተዳፋቱን ይዞ ቁልቁል» ይበሉ። አቅጣጫው ከሌለ መልሱ ግማሽ ነው።