ከ309 እስከ 310

ወጣት ባልደረቦቼ፣

የነጻ ትምህርት ዕድል ምን ለውጥ እንዳመጣ ለማወቅ ያገኙትን ካላገኙት ጋር ዝም ብላችሁ ብታወዳድሩ፣ የምትለኩት በአብዛኛው ቀድሞ የነበረውን ጉብዝና ነው። መቁረጫ ነጥብ ባለበት ቦታ ግን መውጫ አለ፤ ሪግሬሽን ዲስኮንቲኒዩቲ ይባላል።

ለጀማሪ ሁልጊዜ የማሳየው የኮሎምቢያን «ሰር ፒሎ ፓጋ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያው ዙር ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች መጥተው በአገር አቀፉ ፈተና ከ500 ቢያንስ 310 ያመጡትን ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይሸፍን ነበር። 309 ያመጣውና 310 ያመጣው በችሎታ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ከ310 ግራና ቀኝ ላሉት ለየብቻ መስመር ታሰምራላችሁ፤ መስመሮቹ 310 ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት የዕድሉ ውጤት ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ ከመቁረጫው ምን ያህል ርቀን ሰው እንውሰድ የሚለው ነው። 5 ነጥብ ብቻ ብትወስዱ ሰው ያንሳችኋል፤ ክፍተቱ አንድ ጊዜ ይሰፋል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል። 60 ብትወስዱ 250 ያመጣውም ይገባል፤ የመረጃው ተፈጥሯዊ ጉብጠት በቀጥተኛ መስመር ሲጨፈለቅ ክፍተት መስሎ ይታያል። `rdrobust` የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሁለቱን ስጋቶች አመዛዝኖ ስፋት ይመርጥላችኋል፤ እናንተም ግማሹንና እጥፉን ሞክሩ። ውጤቱ በአንድ ስፋት ብቻ ከቆመ አልቆመም። ጉብጠቱን ለመከተል ብሎ ከፍተኛ ዲግሪ ያለው ፖሊኖሚያል መጠቀምን ግን እኔ አልወደውም፤ ጫፍ ላይ እንደፈለገ ይወዛወዛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የነጥቡን ሂስቶግራም ተመልከቱ። አንድ ጊዜ መቁረጫው 60 የሆነ ፋይል ተልኮልኝ ሪፖርቱን አጋምሼ ነበር። ሂስቶግራሙን ዘግይቼ ስሥለው 58ና 59 ላይ ጉድጓድ፣ 60 ላይ ቁልል አየሁ። አንድ አራሚ «ልጁ ለአንድ ነጥብ ይውደቅ እንዴ?» አለኝ። የታዘነለትና ያልታዘነለት ልጅ እኩያ አይደሉምና ሪፖርቱን ጣልኩት። ደግሞ አንድ አምድ 59ንና 60ን አብሮ ከያዘ ቁልሉ ይሸፈናል፤ አምዱ መቁረጫው ላይ ይጀምር። ኮሎምቢያ ላይ ይህ ስጋት ቀላል ነው፦ ፕሮግራሙ የታወጀው ተማሪዎቹ ከተፈተኑ በኋላ ነበር፤ ለ310 ብሎ የተንጠራራ የለም።

ቀጥሎ ከፈተናው በፊት የተወሰነውን ነገር፣ ለምሳሌ የእናትን የትምህርት ደረጃ፣ እንደ ውጤት አድርጋችሁ ያንኑ ስሌት አስሉ። እሱም 310 ላይ ከዘለለ ሁለቱ ወገኖች ከመነሻው አይመሳሰሉም። ማንም ምንም ያላገኘበትን 290ንም እንደ መቁረጫ ሞክሩት፤ እዚያ ክፍተት ከታየ መስመራችሁን ተጠራጠሩ።

ይህን ሁሉ ካለፋችሁ በኋላ አንድ ኃላፊ «መቁረጫውን ወደ 250 ብናወርደውስ?» ብለው ይጠይቋችኋል። የያዛችሁት ቁጥር የ310 ጎረቤቶች ነው። ስለ 250ው ልጅ ምንም አይናገርም፤ ይህንኑ ንገሯቸው።