«ደስ አለዎት» ለአለቃ፣ «አብሽር» ለጓደኛ

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራ አስኪያጃችን በቅርቡ ከፍ ያለ ሹመት አገኙ። በዚያው ሰሞን የቅርብ ጓደኛዬ የፈረቃ ኃላፊ ሆነ። ለእሳቸው ‹እንኳን ደስ ያለዎት›፣ ለእሱ ‹እንኳን ደስ ያለህ› ብዬ የቀረውን አንድ ዓይነት ብጽፍ ምን ችግር አለው?»

መልስ፦ ችግሩ ያለው «በቀረው» ላይ ነው። «ደስ አለ» ላይ ግሱ አይለወጥም። ደስ አለኝ፣ ደስ አለሽ፣ ደስ አላቸው እንላለን፤ ደስ ያለው ሰው የሚታወቀው በተሳቢ ቅጥያው ነው። ስለዚህ እዚህ ሐረግ ላይ አክብሮቱን የተሸከመችው «ዎት» ብቻዋን ናት። ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ እሷን መከተል አለበት። «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ ጀምሮ «ሹመትህን ስሰማ» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ አያለሁ። አንዱን ጽሑፍ ለሁለት ሰው ሲያስተካክሉ የምታመልጠው እንዲህ ያለች ቅጥያ ናት።

«ያለዎት» ወይስ «አለዎት»? እኔ «አለዎት» እላለሁ። «እንኳን» ኃላፊ ግስ ይወዳል፦ እንኳን አደረሰዎት፣ እንኳን ደህና መጡ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። «ያለዎት» ምኞት ነው ብለው የሚሟገቱ አሉ። ምኞት ቢሆን ኖሮ «ደስ ይበልዎት» ይሆን ነበር። ደግሞም ለጆሮዬ «አለዎት» ይከብዳል፣ ይረጋል። ይሁን እንጂ «ደስ ያለህ» ሁሉም አፍ ገብቷል። ለጓደኛዎ ቢጽፉት አልከራከርም።

አሁን ወደ ይዘቱ። «ይገባሃል» ለጓደኛ ትልቅ ሙገሳ ነው። «ይገባዎታል» ለአለቃ ሲሆን ግን የበታቹ የበላዩን መዝኖ ያጸደቀ ያስመስላል። ለሥራ አስኪያጁ የራስዎን ደስታ ይግለጹ፣ ከእሳቸው ያገኙትን አንድ ነገር ይጥቀሱ፣ በመልካም ምኞት ይዝጉ፦

«ለዚህ ኃላፊነት መመረጥዎን ስሰማ ታላቅ ደስታ ተሰምቶኛል። እንኳን ደስ አለዎት። ማሽን በቆመ ቁጥር ከእኛ ጋር ቆመው መፍትሔ መፈለግዎን አልረሳውም። መልካም የሥራ ዘመን ይሁንልዎ።»

ለጓደኛዎ ይህን ቢልኩ የተቀየሙት ይመስለዋል። ለእሱ የአፍ አማርኛ ይሁን፦

«አንተ! እውነት ነው እንዴ የሰማሁት? እንኳን ደስ ያለህ ወንድምዬ፣ ሲያንስህ ነው። የሌሊት ፈረቃው ይከብድ ይሆናል፣ ግን አብሽር፣ ትችለዋለህ። ግብዣውን እንዳትረሳ!»

«አብሽር አማርኛ አይደለም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህን አልቀበልም። ከዐረብኛ መምጣቱ እርግጥ ነው፤ ትርጉሙም «በመልካም ዜና ደስ ይበልህ» ነው። ከግዕዙ «ብሥራት» ጋር ደግሞ ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው። ወሎ ውስጥ ማበረታቻና ማጽናኛ ሆኖ ስለኖረ «አብሽር»፣ «አብሽሪ»፣ «አብሽሩ» እያልን በአማርኛ ወግ እናረባዋለን። ለሥራ አስኪያጁ ግን አይጻፍ። የሚያበረታታ ሰው በዕድሜ ወይም በወዳጅነት እኩል፣ አለዚያም በላይ መሆን አለበት።