ሁሉም ሪፖርት «አስቸኳይ» ሲሆን

ጥያቄ፦ «የሶፍትዌር ቡድናችን ትንሽ ነው፤ የስህተት ሪፖርት ግን በየቀኑ ይጎርፍብናል። ሁሉም አስቸኳይ ይላል፣ ብዙው ተደጋጋሚ ነው፣ የቀረው ደግሞ ችግሩ እንዴት እንደተፈጠረ አይናገርም። እናንተ እንዴት ታጣራላችሁ?»

በመጀመሪያ ከሪፖርት ቅጹ ላይ «አስቸኳይ» የሚለውን ሳጥን አንሱትና በምትኩ ክብደትና ቅድሚያ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አስገቡ። ክብደት ስህተቱ ሲከሰት የሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ፈታሹ ይሞላዋል። ቅድሚያ መቼ ይጠገን የሚለው ነው፤ ማንን መቼ እንደሚነካ የሚያውቀው የምርቱ ኃላፊ ይወስነዋል። ሪፖርት አቅራቢው ሁለቱንም አይሙላ።

የሕክምና ቀጠሮ በሚያስይዝ መተግበሪያ ላይ ስንሠራ፣ በጥቅምት 2016 «ጳጉሜን 6 ቀንን ስመርጥ መተግበሪያው ይዘጋል» የሚል ሪፖርት መጣ። መዘጋት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ስለነበር ቅድሚያው ዝቅ አለ። በዚያው ሰሞን በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ አንድ የስልክ አኃዝ ተሳስቶ ተገኘ። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ታካሚዎች ግን ወደማያውቁት ሰው እየደወሉ ነበርና በዚያው ቀን ታረመ።

ቆይቶ «መመዝገብ አልቻልኩም» የሚል ብቻ ደረሰን። እንዲህ ላለው ሰው «ዝርዝር ይላኩልን» ብላችሁ አትጻፉ፤ ምን እንደሚፈለግ አያውቅምና ዝም ይላል። እኛ የጠየቅነው በየትኛው ገጽ ላይ እንደነበሩ፣ በየሳጥኑ ምን እንደጻፉና ከዚያ ምን እንዳዩ ነበር። የልደት ቀናቸው ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ሆኖ ተገኘ! የስህተት መዝገቡም ቀድሞ መተግበሪያውን ወደሚዘጋው የኮድ መስመር መራን፦

```
if (month == 13 && day > 5) throw new Error("invalid date");
```

ዓመቱን የሚያይ ነገር የለውም። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ 1983ም 2015ም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛው ሪፖርት ተደጋጋሚ ነበር፤ ሆኖም በዚያ ቀን የተወለደ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ መመዝገብ እንደማይችል ስለነገረን የመጀመሪያውን ቅድሚያ ወደ ላይ አወጣው። ተደጋጋሚን ስትዘጉ የሚቀረውን ሪፖርት ቅድሚያ እንደገና አንብቡ የምለው ለዚህ ነው። የሚቀረውም ቀድሞ የመጣው ሳይሆን እርምጃዎቹ በግልጽ የተጻፉበት ይሁን።

በርዕስ መመሳሰል ብቻ ግን አታጣምሩ። ሌላ ሰው ያቀረበው «መመዝገብ አልቻልኩም» የልደት ቀኑ ተራ የጥር ቀን ነበር፤ መንስኤውም ሌላ። የስህተቱ መልእክትና የወደቀበት መስመር አንድ ካልሆኑ ለየብቻ አቆዩአቸው፤ ከጥገና በኋላም የእያንዳንዱን አቅራቢ እርምጃ ደግማችሁ ሞክሩ።

አቅራቢው መልስ ያልሰጠበትን ሪፖርት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መረጃው ሲመጣ እንደሚከፈት ጽፈን እንዘጋዋለን። ገንዘብ ወይም የታካሚ መረጃ ጠፋ የሚለውን ግን ባለቤቱ ዝም ቢልም አንዘጋውም፤ ችግሩ በተፈጠረበት ሰዓትና በተጠቃሚው መለያ መዝገቡን ራሳችን እንፈትሻለን።